በስልክ የገባነው ወርሃዊ ክፍያ፦ 14ቱ ቀን ከመቼ ይቆጠራል?

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ነገር በ14 ቀን ውስጥ እንደሚመለስ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ምጣድ፣ ጫማ ወይም የልብስ ማጠቢያ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ዕቃው ይመጣል፣ ሣጥኑ ይከፈታል፣ ካልወደድነው እንመልሳለን። ነገር ግን በስልክ የምንገባባቸው ብዙዎቹ ግዢዎች ሣጥን የላቸውም። የአስቸኳይ ጊዜ መጥሪያ ቁልፍ፣ የሐኪም የቤት ጉብኝት፣ የቴሌቪዥን ፓኬጅ፣ የዕቃ ጥገና ዋስትና በየወሩ የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ናቸው። በእብራይስጥ «ሚኑይ» የሚባለው ይህ ነው። ታዲያ ሐሳብን መቀየር የሚፈቅደው ሕግ ሚኑይንም ይሸፍናል ወይ?

መልሱ አዎ ነው፤ ይሸፍናል። ነገር ግን ለሚኑይ የቀኑ አቆጣጠር ከዕቃው የተለየ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው መብት እንዳለው ሲያውቅ ጊዜው አልፎ ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ ቆጠራው ነው። ሕጉ ምን እንደሚል ከተመለከትን በኋላ፣ የት ላይ እኛን እንደሚጎዳና ምን ቢስተካከል እንደሚሻል የራሴን አስተያየት እጨምራለሁ።

ሕጉ የ1981 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ነው፤ በእብራይስጥ «ሖክ ሃጋናት ሃጻርካን» ይባላል። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ሳይገናኙ፣ በስልክ፣ በፖስታ፣ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ወይም በኢንተርኔት የተደረገ ስምምነት «ኢስካት መኸር ሜራሖክ»፣ ማለትም የሩቅ ሽያጭ ነው። በሩቅ ሽያጭ የገዛ ሰው፣ ዕቃው ምንም እንከን ባይኖረውም፣ ምክንያትም ሳይሰጥ ስምምነቱን ሊሰርዝ ይችላል። ምግብን የመሰለ የሚበላሽ ዕቃና ለገዢው ብቻ በልኩ የተሠራ ነገር ከዚህ ውጭ ናቸው። የወር ክፍያ አገልግሎት ግን ከዚህ ውጭ አይደለም።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዕቃ ከሆነ 14ቱ ቀን የሚቆጠረው ዕቃው እጃችሁ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። አገልግሎት ከሆነ ግን የሚቆጠረው ስምምነቱ ከተደረገበት ቀን፣ ማለትም በስልክ «እሺ» ካላችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው ሒሳብ ከካርዳችሁ ከተቆረጠበት ቀን አይደለም። አገልግሎቱን በእርግጥ መጠቀም ከጀመራችሁበት ቀንም አይደለም። አገልግሎቱ በየወሩ የሚቀጥል ዓይነት ከሆነ፣ መሰጠት ከጀመረ በኋላም ቢሆን በ14ቱ ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። ኩባንያው «አንዴ ስለተከፈተልሽ አይሰረዝም» ቢል ትክክል አይደለም።

አንድ ነገር ግን ቆጠራውን ያዘገየዋል። ሕጉ ሻጩ ለገዢው በጽሑፍ ሰነድ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ሰነዱ «ሚስማኽ ጊሉይ» ይባላል። በውስጡ የሻጩ ስምና አድራሻ፣ የአገልግሎቱ ዋና ነገር፣ ዋጋውና የአከፋፈሉ ሁኔታ፣ እንዲሁም ገዢው እንዴት መሰረዝ እንደሚችል መጻፍ አለበት። ሰነዱ የደረሳችሁ ከስምምነቱ ቀን ዘግይቶ ከሆነ፣ 14ቱ ቀን የሚቆጠረው ሰነዱ ከደረሰበት ቀን ነው። ሰነዱ ጨርሶ ካልደረሰ ደግሞ ሻጩ «ቀኑ አልፏል» ለማለት መሠረት የለውም። ስለዚህ ክርክር ሲነሳ ልጆቻችሁ መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ «ሰነዱን መቼ ላካችሁ? በምን ላካችሁ?» የሚል ነው።

አሁን ወጥመዱን እንመልከት። ሻጩ በስልክ «የመጀመሪያው ወር በነፃ ነው፤ ሞክሪውና ካልወደድሽው ትተይዋለሽ» ይላል። ሰነዱም በዚያው ቀን በስልክ መልእክት ይላካል፤ በእብራይስጥ የተጻፈ ሊንክ ስለሆነ ማንም አይከፍተውም። ነፃ በሆነው ወር ከካርድ ምንም አይቆረጥም፤ ስለዚህ የሚያስታውስ ነገር የለም። 14ቱ ቀን በዚያ ወር መካከል በፀጥታ ያልፋል። የመጀመሪያው ክፍያ በካርዱ ዝርዝር ላይ ሲታይ፣ ሐሳብ የመቀየሪያው ጊዜ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖታል። ሰውየው ዋጋው የተሰማው መብቱ ካለቀ በኋላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ሰውየው አልቸኮለም፤ የቀኑ መቁጠሪያ ሳይታይ መሮጡ ነው።

ሕጉ ይህን ችግር በከፊል ያውቀዋል። ለዚህም ነው ለሦስት ዓይነት ሰዎች ከ14 ቀን ይልቅ አራት ወር የሚሰጠው። አንደኛው ዕድሜው 65 የሞላው፣ «ኤዝራሕ ቫቲክ» የሚባለው ነው። ሁለተኛው የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ነው። ሦስተኛው «ኦሌ ሐዳሽ» ነው፤ ይኸውም የኦሌ የምስክር ወረቀት ካገኘ አምስት ዓመት ያልሞላው ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ስምምነቱ ከተደረገበት፣ ዕቃው ከደረሰበት ወይም ሰነዱ ከደረሰበት ቀን፣ ከሁሉም ከዘገየው ጀምሮ በአራት ወር ውስጥ መሰረዝ ይችላሉ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። በስምምነቱ ሒደት ከሻጩ ጋር ንግግር የተደረገ መሆን አለበት። በስልክ መነጋገር ንግግር ነው፤ ከሻጩ ሠራተኛ ጋር በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ውይይትም ይቆጠራል። ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ በኢንተርኔት ገጽ ላይ ተጭኖ የተገዛ ነገር ግን አራት ወር አያገኝም፤ እዚያ ያለው 14 ቀን ብቻ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ልውሰድ። አንዲት የ71 ዓመት እናት አሉ እንበል። ጥር ላይ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሯሪ 2፣ ስልክ ተደውሎላቸው ለሐኪም የቤት ጉብኝት ሚኑይ «እሺ» አሉ። የመጀመሪያው ወር በነፃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለ12 ወር በየወሩ 80 ሼቄል ይከፈላል። ሰነዱ በዚያው ቀን በስልካቸው ደረሰ። ማርች 2 ላይ የመጀመሪያው 80 ሼቄል ተቆረጠ። ማርች 17 ላይ ልጃቸው የካርዱን ዝርዝር ስታይ አገኘችውና ለኩባንያው ደወለች። የተሰጣት መልስ «14 ቀን አልፏል፤ ውሉ የ12 ወር ነው፤ 960 ሼቄሉን መጨረስ አለባቸው» የሚል ነበር።

የመልሱ የመጀመሪያ ክፍል፣ እናቲቱ የ40 ዓመት ሰው ቢሆኑ ኖሮ፣ እውነት ነበር፤ 14ቱ ቀን ፌብሯሪ 16 ላይ አልቋል። ነገር ግን 71 ዓመታቸው ነው፤ ሽያጩም በስልክ ንግግር የተደረገ ነው። ስለዚህ እስከ ጁን 2 ድረስ ጊዜ አላቸው። ማርች 17 የተነገረው ስረዛ በጊዜው የተነገረ ነው።

ታዲያ ምን ያህል ይከፍላሉ? ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ሲሰርዝ ሻጩ «ዲሜይ ቢቱል»፣ የስረዛ ክፍያ፣ ሊጠይቅ ይችላል። መጠኑ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው ይወሰዳል። የ960 ሼቄል 5 በመቶ 48 ሼቄል ነው፤ ከ100 ስለሚያንስ ከ48 በላይ መጠየቅ አይቻልም። በተጨማሪ፣ አገልግሎቱ መሰጠት ስለጀመረ፣ ሻጩ ለተሰጠው ጊዜ ብቻ ተመጣጣኙን ያስከፍላል። ከማርች 2 እስከ 17 ግማሽ ወር ነው፤ ይህም 40 ሼቄል ያህል ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 88 ሼቄል ነው። እናቲቱ በዛ ቢባል የሚከፍሉት ይህን ነው እንጂ 960 አይደለም። አገልግሎቱ ከተነገራቸው የተለየ ሆኖ ቢገኝ፣ ለምሳሌ «ሐኪሙ በነፃ ይመጣል» ተብሎ በእያንዳንዱ ጉብኝት ክፍያ ቢጠየቁ፣ የስረዛው ክፍያም ይቀራል። ለሸማቹ የሚመለስ ገንዘብ ካለ ስረዛው ከተነገረ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ከአገልግሎቱ ጋር መሣሪያ መጥቶ ከሆነ፣ ያለ እንከን የሚሰርዝ ሰው መሣሪያውን ለሻጩ ይመልሳል፤ መሣሪያው እንከን ካለበት ግን ሻጩ ራሱ ይወስደዋል።

ስረዛው እንዴት እንደሚነገር ማወቅም ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነውና። ሕጉ በቃል በስልክም፣ በሻጩ ቦታ በመገኘትም፣ በአደራ ደብዳቤም፣ በኢሜይልም፣ ሻጩ የኢንተርኔት ገጽ ካለው በገጹ ላይ ባለው የስረዛ ቦታም መንገር ይፈቅዳል። ስምና የመታወቂያ ቁጥር መጥቀስ ይበቃል። በስልክ ስትሉት ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ ወንድ «አኒ ሮጼ ለቫቴል ኤት ሃኢስካ»፣ ሴት «አኒ ሮጻ ለቫቴል ኤት ሃኢስካ» ይበሉ። «ስምምነቱን መሰረዝ እፈልጋለሁ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «ሺሙር ላኮሖት» ወደሚባለው፣ ደንበኛ እንዳይሄድ ወደሚያባብለው ክፍል ታልፉ ይሆናል። እዚያ ያለው ሰው ቅናሽ ያቀርባል፤ ሌላ ነፃ ወር ይሰጣል። ተጠንቀቁ፤ ያን ነፃ ወር «እሺ» ካላችሁ ስረዛው ቀርቶ አዲስ ስምምነት እንደገባችሁ ሊቆጠር ይችላል። «እናስብበትና እንደውልልዎታለን» ቢባልም የእናንተ ስረዛ የተነገረው በዚያች ሰዓት ነው፤ መልሰው እስኪደውሉ አትጠብቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። በዚያው ቀን ደግሞ ልጅ ወይም ጎረቤት ተመሳሳዩን ቃል በኢሜይል ይላክላችሁ። የስልክ ንግግር ሊካድ ይችላል፤ ቀን ያለበት ጽሑፍ ግን ምስክር ነው።

ብዙዎቻችን የምንሠራው አንድ ስሕተት ደግሞ አለ፤ ባንክ ሄዶ ካርዱን ማዘጋትና ነገሩ አለቀ ብሎ መቀመጥ። ካርድን ማዘጋት ክፍያን ያቆማል እንጂ ስምምነትን አይሰርዝም። ኩባንያው ዕዳ እያለ መቁጠሩን ሊቀጥል፣ ጉዳዩንም ለጠበቃ ሊያስተላልፍ ይችላል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ለሻጩ ስረዛን መንገር፣ ቀጥሎ ሻጩ መቁረጡን ካላቆመ ወደ ካርድ ኩባንያው መሄድ ነው።

14ቱ ቀንም ሆነ አራቱ ወር ካለፈስ? ያን ጊዜም በር አልተዘጋም፤ ነገር ግን በሩ ሌላ ነው። በየወሩ የሚቀጥል አገልግሎትን ማቋረጥ እንደምትፈልጉ ስትነግሩ፣ ማቋረጡ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ፣ በአደራ ደብዳቤ ከሆነም በስድስት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ልዩነቱ፣ በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ያለፈውን ክፍያ አያስመልስም፤ ውሉ ላይ አስቀድሞ ለሚወጣ ሰው የተጻፈ ክፍያ ካለም ሊጠየቅ ይችላል። በጊዜው መሰረዝ የሚሻለው ለዚህ ነው። በጊዜው ተሰርዞ ሻጩ ገንዘቡን አልመልስም ካለ ደግሞ ለሸማቾች ጥበቃና ፍትሃዊ ንግድ ባለሥልጣን ማመልከት ይቻላል። ያለ ጠበቃ በሚቀረብበት በአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት፣ «ቤት ሚሽፓት ለትቪዖት ክታኖት»፣ መክሰስም ይቻላል። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ባለ ጉዳይ ጉዳት ሳይረጋገጥ እንኳ እስከ 10,000 ሼቄል ካሣ ሊፈርድ እንደሚችል ሻጮች ያውቃሉ። በደብዳቤ ላይ ይህን መጥቀስ ብቻ ብዙ ጊዜ መልሱን ያፋጥነዋል።

እስካሁን ያልኩት ሕጉ ነው። ከዚህ በታች ያለው የእኔ አስተያየት ነው።

ሕጉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ችግርን በቀን መቁጠሪያ ይለካል። ኦሌ ከአምስት ዓመት በኋላ «አዲስ» መሆኑ ያበቃል። ከ15 ዓመት በፊት የመጣች፣ ዛሬ 52 ዓመቷ የሆነች፣ ልጆቿን ስታሳድግና ስትሠራ የኖረች እናት አለች። እብራይስጥ ትናገራለች፤ ገበያም ትወጣለች፤ አራት ገጽ የውል ጽሑፍ ግን ማንበብ አትችልም። እርሷ ኦሌ ሐዳሽ አይደለችም፤ 65ም አልሞላትም። ሕጉ የሚሰጣት ልክ እዚህ ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ ለጨረሰ ሰው የሚሰጠውን 14 ቀን ነው። በእኔ እምነት በማኅበረሰባችን ውስጥ በጣም የተጋለጡት አዲስ የመጡት ሳይሆኑ እንደ እርሷ ያሉት በመካከል የቀሩት ናቸው። ለአዲስ መጪው መብቱ አለለት፤ ለአዛውንቱም አለለት፤ ለእርሷ ግን የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ቢስተካከል እላለሁ። የመጀመሪያው፣ በነፃ ወር የሚጀምር ሚኑይ ከሆነ 14ቱ ቀን የመጀመሪያው ክፍያ ከተቆረጠበት ቀን ይቆጠር። ዕቃ እጅ ሲገባ ቆጠራው እንደሚጀምር፣ የአገልግሎትም ዋጋ ኪስ ሲነካ ይጀምር። ሁለተኛው፣ ሽያጩ በአማርኛ ከተነገረ ሰነዱም በአማርኛ ይምጣ። ሻጩ ለመሸጥ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ማግኘት ከቻለ፣ አንድ ገጽ በአማርኛ ለመጻፍም አያቅተውም። «እማማ» ብሎ በቋንቋችን ደውሎ፣ ውሉን በማናነበው ቋንቋ መላክ ተገቢ አይደለም።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ሲጨመር ነጋዴው ይጎዳል፤ ሰውም እየተጠቀመ እየሰረዘ ይኖራል» ሊሉ ይችላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ለዚህ መልስ አለው፤ የሰረዘ ሰው ለተጠቀመበት ጊዜ ይከፍላል፤ የስረዛውም ክፍያ አለበት። ነጋዴው የሰጠውን አገልግሎት ዋጋ አያጣም። የሚያጣው ያልተሰጠ አገልግሎት ዋጋ ብቻ ነው።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ቆጠራውን እኛው እንያዝ። በስልክ «እሺ» ባላችሁበት ቀን፣ በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ 14ኛውን ቀን አክብቡ። 65 የሞላችሁ፣ የአካል ጉዳት ያለባችሁና አምስት ዓመት ያልሞላችሁ ኦሊም ደግሞ የአራተኛውን ወር ቀን ጨምራችሁ አክብቡ። ልጆችም በየወሩ የወላጆቻችሁን የካርድ ዝርዝር አብራችሁ ተመልከቱ። የማታውቁት ስም ካገኛችሁ ወላጆቻችሁን «ለምን እሺ አልሽ፣ ለምን እሺ አልክ» ከማለታችሁ በፊት «ማን ደወለ? መቼ ደወለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚቆጡ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቋችኋል፤ ሲደብቋችሁ ደግሞ ቀኑ ያልፋል።